የተከፈለ ግን ያላለቀ፣ ያለቀ ግን ያልተከፈለ፦ የመዝጊያ ማስተካከያ

ጥያቄ፦ «የዓመቱን ሂሳብ ልዘጋ ነው። የ12 ወር ኢንሹራንስ አስቀድመን ከፍለናል፤ የመጨረሻው ሳምንት ደመወዝ ደግሞ ገና አልተከፈለም። ሁለቱን እንዴት ላስተካክል?»

ከኢንሹራንሱ ይጀምሩ። መጀመሪያ ሌጀሩን ከፍተው ክፍያው የት እንደተመዘገበ ይመልከቱ፤ ማስተካከያው በዚያ ይወሰናል። 24,000 የተከፈለው ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው ነው እንበል። ለወር 2,000 ስለሚደርስ 6,000ው የዚህ ዓመት ወጪ ነው። የቀረው 18,000 ገና ያልተጠቀማችሁበት ሽፋን ነውና ሀብት ሆኖ ይሻገራል።

ሲከፈል «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ሀብት ላይ ከተመዘገበ፣ የኢንሹራንስ ወጪ 6,000 ዴቢት፣ ቅድመ ክፍያ 6,000 ክሬዲት ይደረጋል። በቀጥታ ወጪ ተብሎ ከሆነ ግን ቅድመ ክፍያ 18,000 ዴቢት፣ ወጪ 18,000 ክሬዲት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወጪ ተብሎ በተመዘገበው ላይ ሌላ 6,000 ሲጨምር ወጪው 30,000 ይደርሳል፤ ቅድመ ክፍያውም 6,000 ክሬዲት ያሳያል። ሀብት የሆነ አካውንት ክሬዲት ካሳየ የተሳሳተውን መንገድ እንደተከተሉ ይወቁ።

ደመወዙ ላይ ገንዘቡ አልወጣም፣ ሥራው ግን ተሠርቷል። የአምስት ቀን ሳምንት ደመወዝ 10,000 ሆኖ የሚከፈለው ዓርብ ቢሆንና ዓመቱ ረቡዕ ማታ ቢዘጋ፣ የሦስቱ ቀን 6,000 የዚህ ዓመት ነው፦ የደመወዝ ወጪ 6,000 ዴቢት፣ ተከፋይ ደመወዝ 6,000 ክሬዲት። በእነዚህ ማስተካከያዎች ጥሬ ገንዘብ ፈጽሞ አይነካም፤ ከነካችሁት የሆነ ነገር ተሳስቷል።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ዓርብ ዕለት ነው። ደመወዝ የሚመዘግበው ሰው እንደለመደው 10,000ውን በሙሉ ወጪ ይለዋል። ያኔ 6,000ው በሁለት ዓመት ወጪ ይቆጠራል፤ ዕዳውም ተከፍሎ ሳለ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቀራል። ትክክለኛው ምዝገባ ተከፋይ ደመወዝ 6,000 ዴቢት፣ የደመወዝ ወጪ 4,000 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ 10,000 ክሬዲት ነው።

ይህን ከፋፍሎ መመዝገብ ይረሳል ብለው ከሰጉ፣ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ማስተካከያውን ይገልብጡት፦ ተከፋይ ደመወዝ 6,000 ዴቢት፣ ወጪ 6,000 ክሬዲት። የወጪው አካውንት እስከ ዓርብ 6,000 ክሬዲት ቢያሳይ አይደንግጡ፤ የዓርቡ 10,000 ሲገባ 4,000 ላይ ያርፋል። ሀብት ተብሎ የተመዘገበውን ኢንሹራንስ ግን እንዲህ አይገልብጡ፤ ጊዜው ያለፈበትን 6,000 ተመልሶ ሀብት ያደርገዋል።

የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ወር ሲያልቅ የተከፋይ ደመወዝን ሌጀር አንድ ጊዜ ይመልከቱ። ካለፈው ዓመት የተሻገረው 6,000 ሳይነቃነቅ ከተቀመጠ የዓርቡ ክፍያ በሙሉ ወጪ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ተከፋይ ደመወዝን 6,000 ዴቢት፣ የደመወዝ ወጪን 6,000 ክሬዲት አድርገው ያርሙት።