«ሙሉ ውክልና» ምን ያህል ሙሉ ነው? ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

«ፍኖተ ሰላም ቤት አለኝ። ወደ ሪያድ ስሄድ ለወንድሜ ሙሉ ውክልና ሰጠሁት። ሳልፈቅድለት ቤቴን ሊሸጥብኝ ይችላል?»

እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው «በማንኛውም ጉዳዬ በእኔ ስም ይሥራ» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ከሆነ አይችልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2203 ላይ፣ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ተወካዩን የማስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራው ይናገራል። የማስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ደግሞ ቀጣዩ ቁጥር ያስረዳል። ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ላንቺ የሚገባውን ገንዘብ መሰብሰብ፣ ያለብሽን ዕዳ መክፈል፣ እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ያስለውጣል፤ ተከራይ ያስገባል፤ ኪራይ ይቀበላል። ቤቱን መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ በስምሽ መክሰስና ተከሶ መከራከር ግን ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ልዩ ማለት ድርጊቱ በስሙ ተጠርቶ የተጻፈበት ማለት ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ውክልና የሚጽፉልን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገለብጡት ከድሮ ናሙና ነው። ናሙናው ውስጥ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ» የሚል ረጅም መስመር አለ። ሰው ቪዛው ደርሶ፣ መኪናው እየጠበቀው፣ ሳያነብ ይፈርማል። እዚያ ላይ «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል ካለ ወንድምሽ መሸጥ ይችላል። ከላይ ያለው ርዕስ «ሙሉ» ቢልም «ልዩ» ቢልም ለውጥ የለውም። ወሳኙ ውስጡ የተጻፈው ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀትሽን አውጥተሽ አንብቢ። ቅጂው ከሌለሽ ውክልናው የተረጋገጠበት ጽሕፈት ቤት መዝገቡ ውስጥ አንድ አለ። የመሸጥ ቃል ሳይኖረው ሸጦ ከተገኘ ውሉ አያስገድድሽም፤ አልቀበልም ማለት ትችያለሽ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ከሽያጩ ገንዘብ ምንም እንዳትቀበዪ። ብሩን ወስዶ ዝም ያለ ሰው ሽያጩን አጽድቋል ተብሎ ይሞገታል።

«ብቸና ነን። አባቴ ለአጎቴ ልጅ ጠቅላላ ውክልና ሰጥተው ነበር። እሱ የዘንድሮውን ጤፍ ሸጠው። ይህን ለማድረግ ልዩ ውክልና አያስፈልገውም ነበር?»

አያስፈልገውም። ሕጉ ሰብልን፣ ለሽያጭ የተዘጋጀን ዕቃና ቶሎ የሚበላሽን ነገር መሸጥን ከማስተዳደር ሥራ ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጤፉ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ እስኪበላው ፈቃድ ይጠበቅ ቢባል ማስተዳደር የሚባል ነገር አይኖርም። አባትህ ማድረግ የሚችሉት ሒሳብ መጠየቅ ነው። ተወካይ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ስንት ኩንታል እንደሸጠ፣ በስንት እንደሸጠ፣ ገንዘቡ የት እንዳለ የማስረዳት ግዴታ አለበት። በጽሑፍ ይጠይቁት።

መሬቱ ግን ሌላ ነው። የገጠር መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም። ውክልናው ላይ «መሬቴን እንዲሸጥ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም። አባትህ ራሳቸው ማድረግ የማይችሉትን በሌላ ሰው እጅ ሊያደርጉት አይችሉም።

«ደብረ ማርቆስ የምኖር አሮጊት ነኝ ልጄ። ለእህቴ ልጅ ውክልና ስሰጥ ‹ሁለት ዓመት ሳይሞላ አልሽረውም› ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን ጸባዩ ከፍቷል። ታስሬ ቀረሁ ማለት ነው?»

አልታሰሩም እማማ። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል ቁጥር 2226 ይደነግጋል። ይህን የሚከለክል ቃል ውሉ ውስጥ ቢገባም ዋጋ እንደሌለው ያው ቁጥር ጨምሮ ይናገራል። እርሱ መስማማት የለበትም። ምክንያት መስጠትም፣ ፍርድ ቤት መሄድም አይጠበቅብዎትም። ለርስዎ ሲል በተገቢው መንገድ ከኪሱ ያወጣው ወጪ ካለ ግን ይተኩለት፤ ያ የርሱ መብት ነው።

መታወቂያዎንና የውክልናውን ቅጂ ይዘው ውክልናው ወደተረጋገጠበት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ቅጂው ከጠፋ የውክልናውን ቁጥርና ቀን ይንገሯቸው። የመሻሪያው ጽሑፍ ላይ ያ ቁጥርና ቀን በትክክል መግባቱን፣ የልጁም ስም እስከ አያት መጻፉን በሰው አስነብበው ያረጋግጡ። ቁጥሩ ከተሳሳተ የተሻረው የትኛው ውክልና እንደሆነ ማሳየት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር ስለሚገናኝ እርሱንም ያስነብቡ።

«ደጀን ከተማ የንግድ ቤት አለኝ። ለወንድሜ የሰጠሁትን ውክልና ሐምሌ ላይ ሻርኩ። እሱ ግን መስከረም ላይ ቤቱን አከራይቶ የአንድ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተቀበለ። ተከራዩ ‹መሻሩን አላውቅም ነበር› ይለኛል። ከሻርኩት ወዲያ ምን ያገባኛል?»

ወንድሜ፣ ሊያገባህ ይችላል። የዛሬውን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ያንተ ደብዳቤ ነው።

ብዙ ሰው ውክልና የሚሻረው ጽሕፈት ቤቱ ማኅተሙን ሲያሳርፍ ይመስለዋል። አንተና ወንድምህ መካከል ላለው ነገር፣ እርሱ መሻሩን ካወቀ፣ ያ ልክ ነው። ውጭ ያለው ሰው ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድምህ እጅ ላይ ያለውን ባለ ማኅተም ወረቀት። ያ ወረቀት አሁንም ያምራል፣ አሁንም ፊርማህ አለበት። ሕጉ ይህን አይቶ ነው ወካዩን በአንዳንድ ሁኔታዎች ከተወካዩ ጋር በአንድነት ተጠያቂ የሚያደርገው። አንደኛው፣ ውክልና መስጠቱን ለሰውየው ነግሮ መሻሩን ሳይነግረው ሲቀር ነው። ሌላው፣ የውክልናውን ወረቀት እንዲመልስለት ተወካዩን ሳያስገድድ፣ ወይም ሥልጣኑ መቅረቱን በፍርድ ቤት ሳያስነግር ሲተወው ነው።

አሁን ያንተን ጉዳይ በዚህ እንየው። ደብዳቤህ ላይ እንደጻፍክልኝ፣ ተከራዩ ባለፈው ዓመትም እዚያው ቤት ነበረ፤ ያኔ ደውሎልህ «ከወንድሜ ጋር ጨርስ» ብለኸዋል። በሐምሌ ስትሽር ለርሱ አልደወልክም። ወረቀቱንም ወንድምህን አልተቀበልከውም፤ «ከተሻረ ወረቀቱ ምን ያደርግለታል?» ብለህ ተውከው። ሁለቱም ያንተን እጅ ያመለክታሉ። ተከራዩ በቅን ልቦና የከፈለ መሆኑን ካስረዳ፣ ወይ ዓመቱን እንዲቀመጥበት ወይ ገንዘቡ እንዲመለስለት አንተንም ወንድምህንም አንድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። አንተ ከከፈልክ ወንድምህን መልሰህ ትጠይቀዋለህ፤ ምክንያቱም መሻሩን እያወቀ ሠርቷል። እያወቀ መሥራቱን የምታስረዳው ግን አንተ ነህ። በቃል ብቻ ነግረኸው ከሆነ እዚህ ላይ ትቸገራለህ።

ተከራዩ አዲስ ቢሆን፣ ደውለህለት የማታውቅ ቢሆን፣ ወረቀቱንም ሐምሌ ላይ ተቀብለህ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ያኔ ወንድምህ የሌለውን ሥልጣን ይዞ ነው የተዋዋለው፤ ተከራዩም እርሱን ይጠይቅ እልህ ነበር።

አሁን ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ የመሻሪያውን ቅጂ ለወንድምህ በሪኮማንዴ ላክ፤ ደረሰኙን አስቀምጥ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ዋናው የውክልና ወረቀት እንዲመለስልህ ቀን ቆርጠህ ጠይቅ። ካልመለሰ ፍርድ ቤት እንዲያስመልስህ አመልክት። ቀጥሎ ወረቀቱ ይታይባቸዋል ብለህ ለምትጠረጥራቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ አድርስ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ሒሳብህ ላለበት ባንክ፣ መኪና ካለህ ለመንገድ ትራንስፖርት፣ ለተከራዮችህ። ባስገባህ ቁጥር ያንተው ቅጂ ላይ «ተቀብለናል» አስብለህ፣ ቀንና ማኅተም አስደርግበት። ወረቀቱን ለማን እንዳሳየ የማታውቅ ከሆነ ጋዜጣ ላይ ማስነገርም አይከፋም። ግን ጋዜጣ አንድ አንድ ቅጂ ማድረስን አይተካም፤ ደጀን ላይ ያለ ተከራይ ያንን ጋዜጣ አንብቧል ብሎ የሚያምንህ ዳኛ ማግኘት ከባድ ነው።

ከተከራዩ ጋር ደግሞ አትጣላ። ብትችል ቁጭ ብላችሁ፣ የከፈለውን ወር ቆጥራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ኪራይ ላንተ በቀጥታ እንዲከፍል በጽሑፍ ተስማሙ። ክርክሩ ከወንድምህ ጋር ይቅር።

«ቤሩት ነው ያለሁት፤ መምጣት አልችልም። ሞጣ ለአክስቴ የሰጠኋትን ውክልና ከዚህ ሆኜ መሻር እችላለሁ?»

ትችያለሽ። ፓስፖርትሽንና የውክልናውን ቁጥር ይዘሽ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሂጂ፤ መሻሪያውን እዚያ ትፈርሚያለሽ። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውክልናው ወደተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ይህን የሚያመላልስ የምታምኚው ሰው ያስፈልግሻል፤ አክስትሽ ራሷ እንዳትሆን። ሰነዱ መንገድ ላይ እያለ ጊዜ ያልፋል። አክስትሽ ገንዘብ የምታወጣበት ሒሳብ ካለ፣ መሻሪያው እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ለባንኩ ዛሬውኑ ደውለሽ አሳውቂ፣ በጽሑፍም ላኪላቸው።

«አባታችን ባለፈው ወር ዐረፉ። ታላቅ ወንድማችን በርሳቸው ውክልና እስካሁን ከባንክ ብር ያወጣል። ይችላል?»

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል፤ መሻሪያ መጻፍም አያስፈልግም። ነገር ግን ባንኩ ሞቱን ካላወቀ መክፈሉን ይቀጥላል። የሞት ምዝገባ ማስረጃውን ይዛችሁ ሂዱና በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከዚያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። አባታችሁ ካረፉ ወዲህ የወጣውን ገንዘብ የባንኩ የሒሳብ መግለጫ ቀን በቀን ያሳያል። ከርሱ ውስጥ ለቀብሩና ለተዝካሩ የዋለውን ለዩለት፤ የቀረውን ለውርሱ ይመልስ።