ለአራት ልጆች አንድ ፕሌይስቴሽን 2

«ቤት አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 አለን። ጆይስቲኩ ሁለት፣ ልጆቹ አራት ናቸው። አብረው የሚጫወቱት የመኪናና የኳስ ጌም ምን አለ?»

ወንድሜ፣ ከመኪና በርንአውት 3ን ፈልግላቸው። ውድድሩ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያጫውተው። ውስጡ ግን ፓርቲ ክራሽ የሚባል አለ። አንድ ጆይስቲክ እየተቀባበሉ በየተራ ይጫወታሉ። ተረኛው መኪናውን በሙሉ ፍጥነት ነድቶ የተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ውስጥ ያጋጨዋል። ያደረሰው ጉዳት በዶላር ይቆጠርለታል፤ ብዙ ያወደመ ያሸንፋል። ተራው ቶሎ ስለሚያልቅ የሚጠብቀው ልጅ አይሰለችም። እኛ ቤት ጮኸው የሚቆጥሩት የማይጫወቱት ናቸው።

ለኳስ ፔስ 6 ይሻላል። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ጌም ቢሆንም ኳሱ ዛሬም ይጣፍጣል። ሜዳው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ስክሪኑ አይከፈልም፤ ትንሽ ቲቪ ላይም በደንብ ይታያል። በሁለቱ ጆይስቲክ ሁለት ልጅ አንድ ቡድን ይዞ ኮምፒውተሩን መግጠም ይችላል። ቡድን ሲመረጥ ሁለቱንም የጆይስቲክ ምልክት ወደ አንድ ጎን መግፋት ነው። እንዲህ ሲሆን ወንድማማቾች እርስ በርስ አይሸናነፉም፣ ጠቡም ይቀንሳል።

አራቱ ባንዴ ሁለት ለሁለት እንዲገጥሙ ከፈለግክ ሁለት ተጨማሪ ጆይስቲክና መልቲታፕ ያስፈልግሃል። መልቲታፕ አንዱን የጆይስቲክ መሰኪያ ወደ አራት የሚያበዛ ዕቃ ነው። ከመግዛትህ በፊት ግን ማሽንህ ወፍራሙ ነው ወይስ ቀጭኑ የሚለውን እይ። የወፍራሙ መልቲታፕ ቀጭኑ ላይ አይገጥምም። ከተቻለ ማሽኑን ይዘህ ሂድና እዚያው ሰክተህ፣ አራተኛው ጆይስቲክ ስክሪኑ ላይ ሲታይ ክፈል።