ሉኪንያው በቆሎዬን እያቀጨጨብኝ ነው፣ ልንቀለው?

«በቆሎ ማሳዬ ውስጥ ሉኪንያ በመስመር ተክያለሁ፣ ናይትሮጅን ይሰጣል ብለውኝ ነው። 2 ዓመት ሆነው። አሁን ዛፉ ጥግ ያለው በቆሎ ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል፣ መሀል ያለው ግን ደህና ነው። ልንቀለው ወይስ ልታገስ?»

ኧረ አትንቀል ወንድሜ! እኔም ልክ በ2ኛው ዓመት እንዲህ ሆኖብኝ መጥረቢያ አንስቼ ነበር። ነገሩ ምን መሰለህ፣ ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል የሚሉህ እውነት ነው ግን እንደቆመ ለጎረቤቱ ብዙም አይሰጥም፣ የያዘውን ወደ ቅጠሉ ነው የሚወስደው፣ በቆሎው የሚያገኘው ቅጠሉ ተቆርጦ አፈር ላይ ሲበሰብስ ነው። እስከዛ ያው ፀሐይ የሚከልል ውሃ የሚሻማ ዛፍ ነው በቃ።

መጀመሪያ ግን እርጥበት እያለ ቀጭን ስሩን ቆፍረህ አውጣና ትናንሾቹን እባጮች በጥፍርህ ሰንጥቃቸው። ውስጣቸው ሮዝ ወይ ቀላ ያለ ከሆነ እየሰሩ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ወይ ጭራሽ እባጭ ከሌለ ዛፉ ራሱ የአፈሩን ናይትሮጅን እየበላብህ ነው፣ ሉኪንያ አሲዳማ አፈር ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ ያኔ ሌላ ዛፍ ብታስብ ይሻላል።

የሚሰራ ከሆነ ችግሩ መቁረጡ ላይ ነው። እኔ በቆሎ ልዘራ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ እቆርጠዋለሁ፣ ቅጠሉንና ለጋውን መስመሮቹ መሀል በትኜ ከአፈር ጋር አገላብጠዋለሁ (ላዩ ላይ ከተውከው ከፊሉ ናይትሮጅን ተኖ ይሄዳል)፣ ወፍራሙን እንጨት አልቀብርም እሱ ለማገዶ ነው። ከዛ በቆሎው ላይ ማጥላት ሲጀምር በየ6 ሳምንቱ አካባቢ እደግመዋለሁ። ከግንዱ ግማሽ ሜትር ራቅ ብዬ ደግሞ በአካፋ 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደታች እየሰነጠቅኩ የጎን ስሩን በአንድ በኩል በጠስኩት፣ በሌላው በኩል ሌላ ጊዜ። በቀጣዩ ምርት ቢጫነቱ ጠፋ፣ ዛፉ ስር ያለችው የመጀመሪያ መስመር ግን እስካሁን አጠር እንዳለች ናት፣ እሷን ተስፋ ቆርጫለሁ።

ሌላ የሰራሁት ስህተት፣ የቆረጥኩትን ቅጠል ሁሉ ለላሞቹ ሰጠሁና ፋንድያውን ወደ ማሳው አልመለስኩም። በ3ኛው ዓመት ማሳው ባጠቃላይ ቢጫ ሆነ፣ ለካ ናይትሮጅኑን በሸክም እያወጣሁት ነበር! አሁን በዝናብ ጊዜ የሚቆረጠው ለአፈሩ ነው፣ በደረቁ ወራት ደግሞ ዛፉን እተወዋለሁ ያድጋል፣ የዛን ጊዜው ቅጠል ለከብት ግንዱ ለማገዶ። ለከብትም ቢሆን ከመኖው ሲሶ አታሳልፍ፣ ለፈረስና ለአህያ ጭራሽ አትስጥ ጋማና ጭራቸው ይረግፋል።

መስመሮቹ መሀል ስንት ሜትር ነው ግን? ከ4 ሜትር ካነሰ መቁረጥ ብቻውን አያድንህም፣ አንዱን መስመር እየዘለልክ ሌላውን ንቀል።