ወፍራሙን ልግዛ ወይስ ቀጭኑን?

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሥራውን ብተወውም ጥያቄው አልተወኝም። ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ አንዱ ወጣት መጥቶ በስልኩ ሁለት ፎቶ ያሳየኛል። «ጋሼ፣ መጽሐፉ አንድ ነው። ይሄኛው ሦስት መቶ ምናምን ገጽ፣ ያኛው ከሺህ በላይ። የቱን ልግዛ?» ይለኛል። እኔም መልሼ፣ «ከቀጭኑ የወጣው ምንድን ነው?» እለዋለሁ። እሱን ሳያውቁ መምረጥ ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው።

«አቦ፣ ይህን ለማወቅ ሁለቱንም ማንበብ ሊኖርብኝ ነው?» ትሉ ይሆናል። የለባችሁም። የት የት እንደሚገለጥ ካወቃችሁ ሩብ ሰዓት ይበቃል። አሠራሩን በአንድ መጽሐፍ ላሳያችሁ፤ የቪክቶር ሁጎን «ሌ ሚዜራብል» እንውሰድ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ምንዱባን» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት እሱ ነው። የመረጥኩት በእንግሊዝኛ ቅጂው ላይ ሰዉ ሲቸገር ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ገበያ ላይ በልዩ ልዩ ተርጓሚ፣ በልዩ ልዩ ርዝመት ይገኛል፤ ሽፋኑ ግን ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ አንዲት ያዘነች ትንሽ ልጅ።

መጀመሪያ ሙሉው መጽሐፍ ምን እንደሚመስል እንወቅ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1862 የወጣው ሥራ አምስት ትልልቅ ክፍሎች አሉት። በውስጣቸው 48 ንዑስ መጻሕፍት፣ በድምሩ 365 ምዕራፎች ይገኛሉ። ምዕራፎቹ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። በእንግሊዝኛ ሙሉው ከ1200 ገጽ በታች እምብዛም አይወርድም፤ በትንሽ መጠን ሲታተም 1400ን ያልፋል። ስለዚህ 400 ገጽ የሆነ ቅጂ ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ፤ ሁለት ሦስተኛው ወጥቷል። የሚያስቸግረው 900 ገጽ አካባቢ ያለው ነው። እሱ ሙሉ ይመስላል።

የመጀመሪያው ምርመራ ገጽ አንድ ላይ ነው። ዋናው ባለታሪክ ዣን ቫልዣን መቼ ነው የሚገባው? በሙሉው መጽሐፍ ቶሎ አታገኙትም። ሁጎ መጀመሪያ የዲኝን ከተማ ጳጳስ፣ ሚርየልን፣ በ14 ምዕራፍ ያስተዋውቀናል። ቫልዣን ደክሞትና አቧራ ለብሶ ከተማዋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛው ንዑስ መጽሐፍ ነው። የያዛችሁት ቅጂ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ቫልዣንን ካስገባው ተቆርጧል። ሽፋኑ የፈለገውን ይበል።

«ታዲያ ምን አለበት? ታሪኩ ቶሎ ጀመረ» የሚል አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሁላችሁም የምታውቁት ትዕይንት አለ። ቫልዣን የጳጳሱን የብር ዕቃ ሰርቆ ሲሄድ ይያዛል፤ ጳጳሱ ግን «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው መቅረዞቹን ይጨምሩለታል። ያጠረ እትም ሁሉ ይህን ሳይቆርጥ ያቆየዋል። ደግ አባት፣ የተጸጸተ ሌባ። አሁን ከወጡት 14 ምዕራፎች ውስጥ ስድስተኛውን ተመልከቱ። ጳጳሱ ያላቸውን ሁሉ ለድሃ የሰጡ ሰው ናቸው። ከድሮው ኑሯቸው የቀራቸው ስድስት የብር ሹካና ማንኪያ፣ አንድ የሾርባ ጭልፋ፣ እንዲሁም ከአያታቸው እህት የወረሷቸው ሁለት መቅረዞች ናቸው። በብር ዕቃ መብላትን መተው እንደሚከብዳቸውም ራሳቸው ይናገራሉ። ይህን ያነበበ ሰው ስርቆቱ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ያያል። ቫልዣን የወሰደው ተራ ዕቃ አይደለም፤ ጳጳሱ መተው ያቃታቸውን አንዲቱን ነገር ነው። በቀጭኑ እትም ስጦታው ደግነት ብቻ ነው። በወፍራሙ ጳጳሱም ከራሳቸው ጋር የነበራቸው ሙግት እዚያ ላይ ያልቃል።

አሥረኛውም ምዕራፍ እንዲሁ ነው። ጳጳሱ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የሸንጎ አባል የነበረ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ሽማግሌ ሊሞት ሲል ሊጎበኙት ይሄዳሉ። ሊገሥጹት ሄደው ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ ተንበርክከው ባርከኝ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ለሚያሳጥር ሰው ይህ የመጀመሪያው የመቁረጫ ቦታ ነው፤ ሽማግሌው ተመልሶ አይመጣምና ታሪኩ ያለ እሱ ይሄዳል። ለእኔ ግን ከመጽሐፉ ምርጥ ገጾች አንዱ ነው።

ሁለተኛው መግለጫ ቦታ ዋተርሉ ነው። የሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ በ19 ምዕራፍ ስለ ዋተርሉ ጦርነት ይተርካል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ይዝላል። አሳጣሪም በደስታ ይቆርጠዋል። እኔም በዚህ ብዙ አልጣላም፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳይቆርጡ ከተዉልን። በዚያ ሌሊት ቴናርዲዬ የሚባለው ሰው ሬሳ ሲዘርፍ ሳያስበው የአንድ ቁስለኛ መኮንን ሕይወት ያተርፋል። መኮንኑ አዳኜ ነው ብሎ ያምናል፤ ለልጁ ለማርዩስም ያንን ሰው ካገኘህ ውለታውን መልስ ብሎ ይናዘዛል። በኋላ ማርዩስ የቴናርዲዬን ክፋት በዓይኑ እያየ እጁ የሚታሰረው በዚህ አደራ ነው። አስራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ከሌለ አንባቢው የሚያውቀው አባትየው የጻፈውን ብቻ ነው፤ የተከበረው «አዳኝ» ሬሳ ዘራፊ መሆኑን በዓይኑ አላየም። ስለዚህ ማውጫውን ተመልከቱ። ዋተርሉ ሁሉ ጠፍቶ ይህ ምዕራፍ ብቻ ከተረፈ አሳጣሪው ሥራውን ያውቃል። እሱም ከጠፋ መጽሐፉን መልሱት።

ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል? ከስልካችሁ። ኢዛቤል ሃፕጉድ በ1887 ያወጣችው የእንግሊዝኛ ትርጉም ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ ምዕራፎቹም በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። እሱን ከፍታችሁ ከሻጩ ቅጂ ጋር ማውጫ ለማውጫ አስተያዩ። ሻጩ ቢቸኩል ታገሡት፤ መቼም እዚህ አገር በሙቀቱ ሰዓት የሚሮጥ የለም።

አሁን ወደ ተርጓሚዎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ዋናው ወጥመድ የአሳታሚ ስም ነው። «ፔንግዊን ነው፣ ይታመናል» የሚል ብዙ ነው። ፔንግዊን ግን በተለያየ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ትርጉሞችን አውጥቷል። አንደኛው መጀመሪያ በ1976 የወጣው የኖርማን ዴኒ ነው። ዴኒ ሲበዛ ለስላሳ እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ቋንቋው ገና ለሆነ አንባቢ እንደ እሱ የሚመች የለም። ነገር ግን ስለ ገዳማት የሚያወሳውንና ስለ ወንበዴዎች ቋንቋ የሚያትተውን ክፍል ከቦታቸው አንስቶ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አባሪ አድርጓቸዋል፤ በየቦታውም ነካክቷል። መግቢያው ላይ ይህን በግልጽ ይናገራል። ችግሩ መግቢያ የሚያነብ ገዢ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው በ2013 የወጣው የክሪስቲን ዶነር ነው። ይሄ ሙሉ ነው፤ ከኋላውም ሰፊ ማስታወሻ አለው።

የሃፕጉድ ነጻ ቢሆንም ፈረንሳይኛውን በቅርብ እየተከተለ ስለሚሄድ ዓረፍተ ነገሩ ይጠማዘዛል። ጦር ሜዳ ላይ አንድ የፈረንሳይ ጄኔራል የሚሳደበውንም ስድብ በሰረዝ አልፎታል። በ1862 የወጣው የቻርልስ ዊልበር አለ፤ ፋንስቶክና ማካፊ በ1987 እሱን መሠረት አድርገው ያደሱት ሙሉ እትም ሲግኔት በኪስ መጠን ያወጣው ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ መነጽር ለምታደርጉ አልመክርም። የጁሊ ሮዝ ትርጉም ደግሞ የዛሬ ሰው አነጋገር ይበዛበታል። አንዳንዱ ይወደዋል፤ እኔን አንዳንድ ቦታ ይጎረብጠኛል።

የቱ ይሻላል? ማስታወሻውን እዩ እላለሁ። እንደ እኛ ከሩቅ ሆኖ ለሚያነብ ማስታወሻ ቅንጦት አይደለም። ለምሳሌ ብዙ ተማሪ መጨረሻ ላይ ያለው የጎዳና ውጊያ የ1789ኙ አብዮት ይመስለዋል። አይደለም፤ በሰኔ 1832 ፓሪስ ውስጥ የተነሣ፣ በሁለት ቀን የተደመሰሰ ዓመፅ ነው። ጥሩ እትም ይህን ይነግራችኋል። ከዚያ ከየትርጉሙ አንድ ዓይነት ገጽ አንብቡ፤ የጳጳሱንና የሽማግሌውን ንግግር ብትመርጡ ጥሩ ነው። ክርክር ስለሆነ ተርጓሚው ሲዝል ወዲያው ያስታውቃል። በባቡሩ ዘመን ፈረንሳይኛ የተማሩ አባቶች ድሬ ውስጥ ዛሬም አሉና ከተጠራጠራችሁ ጠይቋቸው፤ ደስ ነው የሚላቸው።

ያጠረ እትም አትግዙ ማለቴ ግን አይደለም። እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ 1300 ገጽ ይዛችሁ 80ኛው ላይ ከምትተዉት 400ውን ብትጨርሱ ይሻላል። «አብሪጅድ» ብሎ በግልጽ የጻፈ እትም አላታለላችሁም። «ሪቶልድ» ወይም «አዳፕትድ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሁጎ ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ የቀረ ሳይሆን ሌላ ሰው በራሱ ቃል እንደ አዲስ የጻፈው ነው። ለአማርኛውም ቅጂ እንዲሁ አድርጉ። የውስጥ ገጹ ላይ ከየትኛው ቋንቋ እንደተተረጎመና ማሳጠሩ መጠቀሱን ፈልጉ፤ ከዚያ ጳጳሱን፣ አሥረኛውን ምዕራፍና የዋተርሉን ሌሊት ተመልከቱ።

አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ መጽሐፉ በሁለትም በአምስትም ቅጽ ስለሚታተም ሻጩ አንዱን ቅጽ ብቻ እንደ ሙሉ ሊሸጥላችሁ ይችላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ዣን ቫልዣን ካልሞተና መቃብሩ ካልተነሣ ታሪኩ አላለቀም። ሁለተኛ፣ የገጽ ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ ገልጡ። መጽሐፍ የሚጠረዘው ተጣጥፎ በሚሰፋ ወረቀት ስለሆነ ሲጎድል አንድ ገጽ ሳይሆን 16 ወይም 32 ገጽ ባንድ ጊዜ ነው የሚጎድለው። አንዲት ተማሪዬ የገዛችው ቅጂ ከ512 ወደ 545 ይዘል ነበር፤ ሻጩ «ፋብሪካው ነው» ብሎ አለፈ።

ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ አትላኩ። የኢንተርኔት መደብሮች ላይ የአንዱ ትርጉም አስተያየትና የናሙና ገጽ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይቀርባል፤ አክስታችሁ ደግሞ ርካሹን አይታ ታዝዛለች። የተርጓሚውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ከጀርባው ያለውን 13 አኃዝ የአይኤስቢኤን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩላት። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ እትም የተለየ ስለሆነ እሱን ስትፈልግ ሌላ እትም አይመጣባትም። ሻንጣ ላይ ኪሎ እንደሚቆጠር ግን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ሙሉው ከባድ ነው።