ከጨመርኩት 14 ኪሎ የታይሮይዱ ድርሻ 4 ብቻ ነበር

«እህቶች እርዱኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት። በ2 ዓመት 16 ኪሎ ጨመርኩ። ታይሮይድሽ ቀንሷል ተብዬ መድኃኒት ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ፣ የወረደልኝ ግን 1 ኪሎ ነው። ቲኤስኤች 7 ነበር፣ ቲ ፎር ኖርማል። መጠኑ አንሶኝ ይሆን? ልጨምረው?»

በራስሽ እንዳትጨምሪ። እኔ ጨምሬ አይቼዋለሁ፣ እነግርሻለሁ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ስመረመር ቲኤስኤቼ 46 ነበር፣ ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ቲ ፎሩም ከመስመር በታች ወርዷል። ቲኤስኤች ማለት አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ አንገት ላይ ላለው ለታይሮይድ ዕጢ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይበረታል፣ ቁጥሩም ይወጣል። አብዛኛው ላቦራቶሪ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ያለውን ደህና ይለዋል። ያንቺ 7 ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። የኔ ታይሮይድ ግን ተኝቷል ማለት ይቻላል።

ሁኔታዬም ያስታውቅ ነበር። ሰው በሸሚዝ ሲሄድ እኔ ጋቢ ደርቤ ይበርደኛል። ጠዋት የዓይኔ ቆብ አብጦ ይነጋል፣ ድምፄ ጎርንኗል፣ ሆዴ ይደርቃል። የጋብቻ ቀለበቴ በሳሙና እንኳ አልወጣ አለ። ከ64 ኪሎ 78 ገብቼ ነበር። ውጤቱን ስሰማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። «በቃ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ኪኒኑን ስውጥ 14ቱም ይወርዳል» አልኩ።

ሐኪሙ በ50 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ጀመረልኝ። ከ7 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች 15 ሆነ፣ ወደ 100 አሳደገው። ከሌላ 7 ሳምንት በኋላ 2.4 ገባ። ይህን ያህል የሚያስጠብቁት በከንቱ አይደለም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ቲኤስኤችም ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። በ2 ሳምንት ብትመረመሪ ቁጥሩ ያሳስትሻል።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ሳፋ ላይ ሳህን ሳጥብ ቀለበቴ ተንሸራቶ ሳፋው ግርጌ ኳ አለ። ቆሜ ሳቅሁ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ሄጄ ተመዘንኩ፣ 74። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። ቲኤስኤቼ ኖርማል፣ ብርዱ የለ፣ ድምፄ ተመልሷል፣ ኪሎዬ ግን 74 ላይ ተተከለ።

የወረዱት 4 ኪሎዎች በአብዛኛው ውሃ ነበሩ። ሆርሞኑ ሲያንስ ቆዳና ሥጋ ውስጥ ውሃ ስቦ የሚይዝ ነገር ይጠራቀማል፣ ጨውና ውሃም በደንብ አይወጣም። የፊት እብጠቱም፣ የጣቱም ከዚያ ነው። ኪኒኑ ይህን ያፈስሰዋል። ስቡን ግን እምብዛም አይነካውም። ሰውነት የሚያቃጥለው መቀነሱ እውነት ነው፣ ግን የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ዕጢው ክፉኛ ደክሞ እንኳ በራሱ የሚያመጣው ጭማሪ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው። 15 እና 20 ኪሎ በታይሮይድ ብቻ የሚመጣው ከስንት አንድ ነው።

ያኔ ይህን አልሰማሁም። መጠኑ አንሶ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር አንድ ተኩል ኪኒን መዋጥ ጀመርኩ። 2 ኪሎ ወረደ፣ ጎበዝ ነሽ አልኩ ለራሴ። በሁለተኛው ወር ቡና ስቀዳ እጄ ተንቀጥቅጦ ሲኒው ዙሪያውን ፈሰሰ። ሌሊት ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል፣ እንቅልፍ የለም፣ ቀን ደግሞ ይርበኛል። ቲኤስኤች 0.03። ሐኪሙ ተቆጣ፣ ትክክልም ነበር። ትርፍ ሆርሞን የልብ ምትን ያዛባል፣ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ የሚወርደው ኪሎም ከፊሉ ጡንቻ ነው። ወደ 100 ስመለስ 2ቱ ኪሎ በአንድ ወር ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ታዲያ የቀረው 10 ኪሎ ከየት መጣ? ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ቀድሞ ገጠር ሳስተምር ትምህርት ቤቱ ከቤቴ 50 ደቂቃ የእግር መንገድ ነበር፣ ደርሶ መልስ። ከተማ ከተዛወርኩ በኋላ ባጃጅ። ቢሮ ውስጥ በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው 3 ማንኪያ ስኳር። ይህ ብቻ በቀን ወደ 190 ካሎሪ ይሆናል። ሁለተኛ ልጄንም የወለድኩት በዚያው ጊዜ ነው። እርግጥ በሽታው ሲያደክመኝ መንቀሳቀስ ያቆምኩበት ጊዜ አለ፣ ያንን ለታይሮይዱ እሰጠዋለሁ። ነገር ግን በእሱ የገባም ቢሆን ስብ ነው፣ በኪኒን አይወጣም። ስኳሩን ወደ 1 ማንኪያ አወረድኩ፣ ቢሮ በእግር መሄድ ጀመርኩ፣ ማታ እንጀራውን ቀነስኩ። በ8 ወር 5 ኪሎ ወረደ። ከዚህ በፊት ዕጢዬ ሳይታከም ይህንኑ ልሞክር ብዬ አቅም አጥቼ ነበር። ኪኒኑ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፣ መራመድ ቻልኩ።

አሁን ወዳንቺ። 46 ይዤ እኔ ያገኘሁት 4 ኪሎ ከሆነ፣ 7 ከነኖርማል ቲ ፎሩ 16 ኪሎ ሊያብራራ አይችልም። 1 ኪሎ መውረዱ ራሱ የሚጠበቅ ነው። እንዲያውም ነገሩ የተገላበጠ ሊሆን ይችላል፤ ውፍረት በራሱ ቲኤስኤችን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ሰው ሲቀንስ ቁጥሩም ይወርዳል። ከመጀመርሽ በፊት ምርመራው ተደግሞ ነበር? እንዲህ ያለ መጠነኛ ከፍታ ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ሲደገም በራሱ ተመልሶ ይገኛል። አሁን 2 ወር ስለሞላሽ ቲኤስኤች አሠሪና ሁለት ነገር ጠይቂ፤ መድኃኒቱ በእርግጥ ያስፈልገኛል ወይ፣ የዕጢውን ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ማሠራትስ ይቻላል ወይ። እሱ ከተገኘ ሰውነት የራሱን ዕጢ እያጠቃ ነው ማለት ስለሆነ ቁጥሩ ወደፊት የመባባስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሳትጠይቂ ግን አታቋርጪ። እርግዝና የምታስቢ ከሆነም ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ያኔ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሰፈር ውስጥ «ታይሮይድ» ስትይ እንቅርት የሚመስላቸው አሉ። የኔ አማት አዮዲን ያለው ጨው አብዝተሽ ብዪ ብላኝ ነበር። አዮዲን ያለው ጨው በልኩ ለቤተሰብ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ማብዛቱ ግን ለደከመ ዕጢ መድኃኒት አይሆንም፣ አንዳንዱን ያባብሰዋል።

ቁጥሩ ካልወረደ መጠኑን ከማማረርሽ በፊት አወሳሰድሽን እይ። እኔ አንድ ክረምት ኪኒኑን ከጠዋት ቡና ጋር መዋጥ ለምጄ ቲኤስኤቼ ከ2.4 ወደ 9 ወጣብኝ። መጠኑ ያው፣ ሆዴ ግን በደንብ አልተቀበለውም። አሁን 12 ሰዓት ላይ በውሃ እውጣለሁ፣ ቡናና ቁርስ ከ1 ሰዓት በፊት የለም። አይረን ወይም ካልሲየም የምትወስጂ ከሆነ 4 ሰዓት ይራራቁ። በሁዳዴ እኔ ሐኪሙን አማክሬ ወደ ማታ አዛወርኩት፣ ከራት 3 ሰዓት ቆይቼ ስተኛ እወስደዋለሁ፣ ቁጥሬ አልተናጋም።

አንቺ በስንት ሰዓት ነው የምትውጪው? ቡናሽስ?