ጥላው ሁለት ቁመት ሲናገር

«ጋሼ፣ ግቢያችን ያለውን ትልቅ ዛፍ ልናስቆርጥ ነውና ቁመቱን በጥላው ለካሁት። 1.5 ሜትር ዘንግ አቁሜ ነው ያወዳደርኩት። ቀትር አካባቢ የዘንጉ ጥላ 87 ሳንቲ ሜትር፣ የዛፉ ደግሞ 11.6 ሜትር ነበር። 20 ሜትር ወጣልኝ። አመሻሽ ላይ የዘንጉ 2.6፣ የዛፉ 28.8 ሜትር ሆነ። አሁን ደግሞ 16.6 ወጣ! አናቱ ክብ ነው፣ ስፋቱ 8 ሜትር ይሆናል። ከግንዱ እስከ ቤታችን 18 ሜትር ነው። የትኛውን ልመን?»

የአመሻሹን እመን። እሱም ቢሆን ትንሽ ጨምሮልሃል። ዛፍህ 16 ሜትር ገደማ ነው።

ሂሳብህ ምንም አልተሳሳተም። የዛፉን ጥላ በዘንጉ ቁመት ታባዛለህ፣ ለዘንጉ ጥላ ታካፍላለህ፣ አለቀ። ፀሐይ ሁለቱንም በአንድ ማዕዘን ነው የምትመታቸው። ስለዚህ ዘንጉ ከጥላው ጋር የሚሠራው ሦስት ማዕዘንና ዛፉ ከጥላው ጋር የሚሠራው ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው መጠናቸው ላይ ብቻ ነው። ግን አንድ ነገር መሟላት አለበት። መሬት ላይ የምታየው የጥላ ጫፍ የዛፉ የራሱ ጫፍ ጥላ መሆን አለበት። ቀትር ላይ የለካኸው ያ አይደለም።

ክብ አናት ያለውን ዛፍ እንደ ትልቅ ኳስ አስበው። ፀሐይ ከፍ ስትል የኳሱ ጫፍ ጥላ ወደ ግንዱ ይጠጋል። ከጥላው ዳር ላይ የምታየው ወደ ጎን የወጣው ቅርንጫፍ ነው። እሱ ከግንዱ ብዙ ሜትር ወጣ ብሎ ስለሚጀምር ጥላውም አልፎ ይወድቃል። ያንተ ዛፍ 16 ሜትር ከሆነ በዚያ ሰዓት የጫፉ ጥላ ከግንዱ 9.3 ሜትር ላይ ነበር። አንተ 11.6 ለካህ። የተረፈው 2.3 ሜትር የጎን ቅርንጫፍ ነው፤ ሂሳቡ ውስጥ ሲገባ 4 ሜትር ሆኖ ወጣ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ጨረሩ በጎን ስለሚመጣ የጥላውን ዳር የሚሠራው ወደ አናቱ የተጠጋው ክፍል ነው። ስህተቱም ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ወረደ።

ይህን ለይተህ የምታውቅበት መንገድ አለ። በተለያየ ሰዓት ሁለት ጊዜ ለካ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ጫፉን አግኝተኸዋል። ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር ቁመቱም እየቀነሰ ከመጣ ግን ቀደም ሲል ስትለካው የነበረው ትከሻውን ነው። እንደ ጦር ቀጥ ብሎ በወጣ ዛፍ ላይ ይህ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል።

እኔ የምጠብቀው የዘንጉ ጥላ ከዘንጉ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ የሚሆንበትን ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲረዝም የጥላው ዳር ይደበዝዛል፤ ያን ሁሉ ርቀት ሜዳ የሆነ መሬትም አይገኝም።

በዚህ ሰዓት ግን ጥላው ይሮጣል። የአንተን ያህል ዛፍ ከሆነ በ5 ደቂቃ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። የዛፉን ጥላ ለክተህ፣ ሜትሩን ጠቅልለህ፣ ወደ ዘንጉ እስክትሄድ ነገሩ ተለውጧል። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አትለካ። አንድ ሰው ዘንጉ ጋ ይቁም፣ አንተ ዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ ሁን። «በል!» ስትለው ሁለታችሁም እኩል ድንጋይ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ሻይ ጠጥታችሁም ብትለኩ ችግር የለውም። የዛፉን ስትለካ ከግንዱ መሀል እንጂ ከቅርፊቱ አትነሳ።

ዘንጉን በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ አቁመው። 1.5 ሜትሩ ዘንግ ጫፉ 13 ሳንቲ ሜትር ወደ ፀሐይ ወይም ከፀሐይ ወደ ኋላ ቢያዘም፣ ባንተ ዛፍ ላይ እስከ አንድ ሜትር ይቀየራል። መሬት ውስጥ የገባውንም አትቁጠር። ይህን ገና ተለማማጅ እያለሁ በራሴ ተምሬዋለሁ። 1.5 ሜትር ዘንግ ወስጄ 30 ሳንቲ ሜትሩን መሬት ውስጥ ቀብሬ፣ ሂሳቡን በ1.5 ሠራሁት። ለባለቤቱ «15 ሜትር ነው» አልኩ። ዛፉ ሲወድቅ በሜትር ስንለካው 12! አለቃዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀብኝ።

ወደ ቤትህ ልመለስ። ዛፉ 16፣ ርቀቱ 18፣ የሚተርፍህ 2 ሜትር ነው። በዚህ ተማምነህ ወደ ቤቱ አቅጣጫ እንዲጥሉት አትፍቀድ። ዛፍ ሲወድቅ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ ግንዱም ሊንሸራተት ይችላል። በተቃራኒው በኩል ባዶ ቦታ ካለ ወደዚያ ይጣል። ከሌለ ከላይ ጀምሮ እየተቆራረጠ በገመድ ይውረድ። በአንድ ጊዜ የሚጣል ከሆነ ደግሞ ከቆራጮቹ በቀር ማንም ሰው የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ፤ ያንተ 32 ሜትር ነው፣ ማለትም ቤቱም ውስጥ ሰው አይኑር።