አራት ቤት ሽቦ በስድስት ቀን፦ በክፍል ሳይሆን በመስመር ቁረጠው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ፎርማኑ 3ኛ ፎቅ ላይ ያሉትን 4 ቤቶች ሽቦ በ6 ቀን ስበህ አስረክብ አለኝ። አንድ ረዳት አለኝ። ማታ ማታ ምን እንደጨረስኩ ሲጠይቀኝ መልስ አጣለሁ። ሁሉም ቤት ተጀምሯል፣ አንዱም አላለቀም። እንዴት አድርጌ ልከፋፍለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብዛኞቻችን ሥራውን የምንከፍለው በክፍል ነው። ዛሬ ሳሎን፣ ነገ መኝታ ቤት። አለበለዚያ በሥራ ዓይነት እንከፍለዋለን፤ መጀመሪያ የአራቱንም ቤት ቱቦ ማጽዳት፣ ከዚያ የአራቱንም መሳብ፣ መጨረሻ ቀን ላይ መፈተሽ። ሁለቱም ያንተን ችግር ያመጣሉ። ሳሎን ውስጥ ያለው ሽቦ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ መጨረሻው ሶኬት እስኪደርስ ድረስ ልትፈትሸው አትችልም። ያልተፈተሸ ደግሞ አለቀ አይባልም።

ስለዚህ በመስመር ቁረጠው። አንድ መስመር ማለት ከአንድ ብሬከር የሚነሳ ሁሉ ነው። የራሱ ፌዝ፣ የራሱ ኒውትራል፣ የራሱ ኧርዝ፣ እስከ መጨረሻው ነጥብ። አንድ ቤት 2 የመብራት፣ 3 የሶኬት፣ 1 የምጣድ እና 1 የቦይለር መስመር አለው እንበል። ሰባት ናቸው። አራት ቤት 28 መስመር ነው። ለ6 ቀን ስታካፍለው በቀን ወደ 5 ይደርስሃል። አሁን ሥራህ ቁጥር አገኘ።

አምስቱ በአንድ ቀን ይገባሉ ወይ? ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ምሳ ሲቀነስ 8 ሰዓት ነው። ዕቃ ከስቶር ማውጣት፣ መሰላል መፈለግ፣ ማታ መሰብሰብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይበላል። ስድስት ሰዓት ተኩል ቀረህ። አንዱ መስመር አንድ ሰዓት ከሩብ ከፈጀ አምስቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ለጥቂት ገባ። ግን የእኔን ሰዓት አትመን። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ረጅሙን መስመር፣ ብዙ ጊዜ የምጣዱን ወይም የቦይለሩን፣ ሠርተህ በሰዓት ለካው። ሁለት ሰዓት ከፈጀብህ በቀን ሦስት ነው የምትጨርሰው፣ 28ቱም በ6 ቀን አይሞሉም። ይህን ለፎርማኑ የምትነግረው በ6ኛው ቀን ሳይሆን በ2ኛው ቀን ጠዋት፣ ቁጥሩን ይዘህ ነው። ያኔ ሌላ ረዳት ሊሰጥህ ወይም ቀን ሊጨምርልህ ይችላል።

አሁን ወደ አንዱ መስመር እንግባ። የሳሎኑን ሶኬት መስመር ውሰድ፣ ባለ 2.5 ሽቦ፣ ርቀቱ 20 ሜትር ያህል።

መጀመሪያ ቱቦውን ፈትሽ። መሳቢያውን ከሳጥኑ ስደድና ጫፉ በሌላው በኩል እስኪወጣ ጠብቅ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጨርቅ አስረህ መልሰህ ሳበው። ጨርቁ ከወጣ ቱቦው ክፍት ነው። ሲሚንቶ ውስጡ ከደረቀ ግን እዚያ ላይ ጊዜ አትጨርስ፤ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ፣ ደብተርህ ላይ «ተዘግቷል» ብለህ ጻፍ፣ ወደሚቀጥለው መስመር እለፍ። የተዘጉትን ሰብስበህ በ6ኛው ቀን ትሰብራቸዋለህ። ሰው ቀኑን ሙሉ ከአንድ ቱቦ ጋር ሲታገል አይቻለሁ፣ ማታ እጁ ላይ ምንም የለም።

ከዚያ ሦስቱንም ሽቦ አንድ ላይ ሳብ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ የቤቱን ቁጥርና የመስመሩን ስም ጻፍ። ይህን ወዲያው አድርገው፣ ለነገ አታስቀምጠው። ነገ ሳጥኑ ውስጥ ሃያ አንድ ተመሳሳይ ጫፍ ነው የሚጠብቅህ።

ቀጥሎ ቴስተር። ሩቁ ጫፍ ላይ ፌዝና ኒውትራሉን አጣምረህ እሰር፣ ሳጥኑ ጋ ሆነህ በኦም ለካ። ባለ 2.5 መዳብ ለአንድ ኪሎ ሜትር 7.4 ኦም ያህል ነው። ሃያ ሜትር ሄዶ ሃያ ሜትር ሲመለስ 40 ሜትር፣ ማለትም 0.3 ኦም። የቴስተርህን ሁለት ጫፎች አነካክተህ የሚያሳየውን ቀንስለት። 0.3 አካባቢ ከመጣ ጥሩ። 2 ወይም 3 ካሳየ የሆነ ቦታ የላላ መጋጠሚያ አለ። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል ወይም የሌላ መስመር ጫፍ ነው የያዝከው። ፌዝና ኧርዙንም እንደዚሁ አድርግ። ያሰርከውን ሳትፈታ የሌሎቹን መስመሮች ኒውትራል ከዚህኛው ጋር ለካ። ካነበበ ሁለት መስመር አንድ ኒውትራል እየተጋሩ ነው። በክፍል ሲሠራ በብዛት የሚፈጠረው ስህተት ይህ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ክፍል ውስጥ የሁለት ሦስት መስመር ሽቦ ይገናኛል፣ እጅህ የቀረበውን ኒውትራል ያነሳል።

የመጨረሻው ሜገር ነው። ሳይት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ስለሚሆን ቀድመህ ለ9 ሰዓት ተኩል ያዘውና የቀኑን አምስት መስመር አንድ ላይ ለካ። ያሰርካቸውን ጫፎች ሁሉ ፍታ፣ ምንም አምፖል ወይም ዕቃ አይገናኝ፣ ሽቦውን የሚነካ ሰው አለመኖሩን አረጋግጥ። 500 ቮልት ላይ አድርገህ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኧርዝ፣ ኒውትራል ከኧርዝ። ዝቅተኛው የሚፈቀደው 1 ሜጋ ኦም ነው፣ ግን አዲስ ሽቦ በመቶዎች ማሳየት አለበት። አራቱ መስመር መቶዎች እያሳዩ አምስተኛው 3 ካሳየ ደንቡን አልፏል ብለህ አትተወው፤ ሲሳብ ቆዳው ተልጧል ወይም ቱቦው ውስጥ ውሃ አለ። ተራ ቴስተር ይህን አያይም፣ ጥቂት ቮልት ብቻ ነው የሚልከው።

ደብተርህ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «302፣ ሳሎን ሶኬት፣ ባለ 2.5፣ 0.3 ኦም፣ ሜገር ከ200 በላይ፣ ማክሰኞ»። ቀኑን አትርሳ። እኔ ቃሊቲ መስመር አንድ ሕንፃ ላይ ፎቁን ሙሉ ስቤ መጨረሻ ቀን ላይ ብቻ ለካሁ። አንድ መስመር ዝቅ አለ። ስስብ ነው የተላጠው ወይስ ኮርኒስ ሠሪዎቹ ምስማር አስገቡበት? የቀደመ ንባብ ስላልነበረኝ ማወቅ አልቻልኩም። የተለሰነ ግድግዳ ሦስት ቦታ ሰብረን ሁለት ቀን ሄደ። ማክሰኞ 200 የነበረ ሐሙስ 1 ካሳየ ግን በመሐል ማን እንደገባ ትጠይቃለህ።

ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ አዲስ ቱቦ አትክፈት። በግማሽ ተስቦ የተንጠለጠለ ሽቦ ለሊሾ ሠራተኛ መረገጫ ነው፣ ሊቆረጥም ሊሰረቅም ይችላል።

አንድ ሥራ ብቻ በዚህ አይገባም፤ ከምድር ቤት ቆጣሪ ወደ ፎቅ የሚወጣው ዋና ገመድ። ለሁለት ሰው ከባድ ነው። እሱን ለሁለት ቀን ክፈለው፣ ግን መሐል ላይ የምትቆምበትን ቦታ ምረጥ። የመጀመሪያው ቀን ቱቦውን አጽድተህ ጠንካራ ሲባጎ ከላይ እስከ ታች አሳልፈህ ሁለቱንም ጫፍ እሰር። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ረዳትህ ታች ሲጎትት አንተ ላይ ሆነህ ሲንቀሳቀስ ታያለህ። በማግስቱ ጠዋት አራት ሰው ጠይቀህ ገመዱን በአንዴ ሳበው፣ ከምሳ በፊት ሜገር አድርግበት።